የተማሪን ማጠቃለያ ትክክለኛነት ስፈትሽ ከማጠቃለያው ልነሳ ወይስ ከጽሑፉ?

ጅማ ላይ አንዲት ተማሪዬ ስለ ቡናና ጥላ ዛፍ የተሰጣቸውን ንባብ ስታጠቃልል «ጸሐፊው ጥላ ምርት ይቀንሳል ይላሉ» ብላ ጻፈች።

አንዱ ማጣሪያ የማጠቃለያውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ይዞ ገጹን መፈለግ ነው። ከራስ የተጨመረን ነገር ይይዛል፤ የእሷን ስህተት ግን አሳለፈው፤ ሐሳቡ ገጽ 4 ላይ ቁልጭ ብሎ አለና።

ሌላው ከጽሑፉ መነሳት ነው፦ በየአንቀጹ ዳር «እዚህ የሚናገረው ማን ነው?» የሚለውን መመለስ። ያኔ ነገሩ ተገለጠ። አንቀጹ «አንዳንዶች» ብሎ ይጀምራል፣ ቀጣዩ ደግሞ በ«ይሁን እንጂ» ያፈርሰዋል። የጸሐፊው አቋም መጠነኛ ጥላ ይጠቅማል የሚል ነበር፤ ያውም «በደረቅ ወቅት» ከሚል ገደብ ጋር። ተማሪዋ ገደቡንም ትታዋለች።

ሁለተኛው ጊዜ ይበላል። ለክርክር ጽሑፍ ግን እሱን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ለስምና ለቁጥር ይበቃል።