ክፍት ኩሊንግ ፓድ፣ ስፖንጅ ያለው ፓድ ወይስ አዲስ ፔስት? ለሚግል ጌሚንግ ላፕቶፕ የቱ ይገዛ?

ጌሙ ሲጀመር ላፕቶፑ እንከን አይወጣለትም። ፍሬሙ 110፣ 115 ይላል። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ግን ነገር ይበላሻል። ካሜራውን ዞር ስታደርጉ ምስሉ ይንተባተባል። ፋኑ ጆሮ ይበሳል። ከቁልፎቹ በላይ ያለው ብረት ጣት አያስነካም። ከጌሙ ወጥታችሁ ወዲያው ብትገቡ ለውጥ የለም። ለአስር ደቂቃ ዘግታችሁት ስትመለሱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል።

ይሄ ቴርማል ትሮትሊንግ ይባላል። ቺፑ ሙቀቱ ጣሪያ ሲነካ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የአብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው። የኤኤምዲዎቹ እንደ ሞዴሉ በአብዛኛው ከ95 እስከ 105 ነው። የኤንቪዲያ የላፕቶፕ ጂፒዩዎች ብዙውን ጊዜ 87 አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ። 95 ዲግሪ ማየት ብቻውን ግን ትሮትሊንግ አይደለም። ፍጥነቱ ሳይወርድ 95 ላይ የሚሠራ ፕሮሰሰር ሞቋል እንጂ አልታነቀም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሮጦ ከላፕቶፑ ሥር የሚቀመጥ ባለ ፋን ኩሊንግ ፓድ የሚገዛው። እኔም ገዝቻለሁ፤ ያውም የተሳሳተውን። ሙቀቱ ከቺፑ ተነስቶ በመካከላቸው በተቀባው ቴርማል ፔስት በኩል ወደ መዳብ ቱቦ ይሻገራል። ከቱቦው ወደ ቀጫጭኖቹ የብረት ክንፎች ይሄዳል። ከክንፎቹ ደግሞ ፋኑ በሚነፋው አየር ይወጣል። ፓድ የሚረዳው የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ ነው፤ ፔስት ደግሞ የመጀመሪያውን። ሙቀቱ የታገደው ፔስቱ ጋ ከሆነ የዓለም ምርጡ ፓድ አይጠቅማችሁም።

መጀመሪያ የት እንደታገደ እወቁ

`HWiNFO` የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሴንሰሮቹን ብቻ ከፍታችሁ መመዝገቢያውን አብሩትና ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። ከዚያ አራት መስመሮችን ብቻ ተመልከቱ፦ `CPU Package`፣ `GPU Temperature`፣ `Core Clocks` እና `Core Thermal Throttling`። የመጨረሻው `Yes` ካለ ፕሮሰሰሩ ጣሪያ ነክቷል ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሙቀቱ አካሄድ ነው ብዙ የሚናገረው። ጌሙ በተከፈተ በሰከንዶች ውስጥ ፕሮሰሰሩ 100 ከገባ፣ ስትዘጉት ደግሞ በሁለት ሰከንድ 65 ላይ ከወደቀ፣ መዳቡ ገና አልሞቀም ነበር። ሙቀቱ ከቺፑ መውጣት አቅቶታል። ችግሩ ፔስቱ ነው፣ ወይም ፕሮሰሰሩ የሚስበው ኃይል ከልክ አልፏል።

በ80ዎቹ ጀምሮ በ15 ወይም 20 ደቂቃ ቀስ እያለ ከወጣ፣ ሲዘጋም ለመውረድ ደቂቃ ከፈጀበት፣ መዳቡ ራሱ ሙቀት ጠግቧል ማለት ነው። የጎደለው አየር ነው። ፓድ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ሦስተኛም አለ። ሙቀቱ 75 ሆኖ ፍጥነቱ ከወረደ ነገሩ ከሙቀት ጋር አይገናኝም። ቻርጀሩ አቅም አንሶት ይሆናል፣ ወይም ላፕቶፑ ኃይል ቆጣቢ ሁኔታ ላይ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ እዚህ ከተጠቀሱት አንዱንም አትግዙ።

የኔ ላፕቶፕ ላይ የሆነው

የኔው ኢንቴል 12700ኤች እና አርቲኤክስ 3060 ያለው፣ ሁለት ዓመት ያገለገለ ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ አካባቢ ነበር። በሁለተኛው ደቂቃ ጂፒዩው 74፣ ፕሮሰሰሩ 84 ነበሩ። በ25ኛው ደቂቃ ጂፒዩው 87 ደረሰ። ፕሮሰሰሩም 99 ገባና ፍጥነቱ ከ4 ጊጋኸርዝ ወደ 2.7 ወረደ። ፍሬሙ 82 ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ የወጣ ሙቀት ነው፣ ስለዚህ አየር።

ፓድ ከመፈለጌ በፊት ካቻቪቴ አንስቼ ሆዱን ከፈትኩት። በፋኑና በክንፎቹ መካከል አቧራው ተጋግሮ ብርድ ልብስ መስሏል። ከውጭ ሲታይ ንጹሕ ነበር እኮ! አየር ስትነፉበት ፋኑን በጣት ያዙት፤ በነፋሹ ጉልበት ያለ ልክ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። ካጸዳሁት በኋላ በ25ኛው ደቂቃ ጂፒዩው 83፣ ፕሮሰሰሩ 94 ሆኑ። ከዚህ በታች ያለው ሰንጠረዥ በጸዳው ላፕቶፕ ላይ፣ በአንድ ጌም፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ በ25ኛው ደቂቃ ያየሁት ነው።

| | ጂፒዩ | ፕሮሰሰር | ፍሬም |
|---|---|---|---|
| ጠረጴዛ ላይ ብቻ | 83 | 94 | 102 |
| ከኋላ ሥሩ ሁለት የጠርሙስ ክዳን | 80 | 91 | 106 |
| ክፍት ፓድ፣ አምስት ፋን | 79 | 91 | 106 |
| ስፖንጅ ያለው ፓድ፣ ግማሽ ፍጥነት | 74 | 86 | 110 |
| ስፖንጅ ያለው ፓድ፣ ሙሉ ፍጥነት | 72 | 84 | 110 |

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስመር አስተያዩ። ክፍቱ ፓድ በሰማያዊ መብራትና በአምስት ፋኑ የሠራውን ሁለት የጠርሙስ ክዳኖች በነጻ ሠርተውታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፓዱ የሚነፋው ወደ ላፕቶፑ ሆድ በሙሉ ነው፤ ላፕቶፑ የሚስበው ግን በቀዳዳዎቹ ብቻ ነው። አብዛኛው ነፋስ ፕላስቲክ ገጭቶ ወደ ጎን ይበተናል። በዚያ ላይ ኃይሉን ከዩኤስቢ ነው የሚያገኘው። ተራ የዩኤስቢ 2 ሶኬት የሚሰጠው 2.5 ዋት ነው፤ እሱን ለአምስት ፋን አካፍሉት። የሚጠቅማችሁ ከፍታው እንጂ ነፋሱ አይደለም። ለከፍታው ከሆነ ፋን የሌለው ማስቀመጫ ይበቃል።

ለከፍታውም አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። አንዳንድ ላፕቶፖች ከሆዳቸው በስተኋላ ረጅም የጎማ ዘንግ አላቸው። ሥራው ከኋላ የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ከሥር እንዳይገባ መከልከል ነው። እንዲህ ያለውን ከፍ ስታደርጉት በሩን ትከፍቱለታላችሁ፤ ሙቀቱ ጭራሽ ሊብስ ይችላል። ክዳኑን አስገብታችሁ ሙቀቱን ለኩ፤ ካልወረደ አውጡት።

ስፖንጅ ያለው ፓድ ሌላ ዓይነት ነው። አንድ ትልቅ ፋን አለው። ዙሪያውን ያለው ስፖንጅ የላፕቶፑን ሆድ ግጥም አድርጎ ይይዛል። አየሩ መበተኛ ስለሌለው በግድ በቀዳዳዎቹ ይገባል። የላፕቶፑ ፋን የሚስበውን ፓዱ ከሥር ይገፋለታል። ዘጠኝ ዲግሪ ያወረደልኝ ይሄ ነው፤ ያውም በግማሽ ፍጥነት። ወደ ሙሉ ስታደርጉት ሁለት ዲግሪ ታተርፉና ጭቅጭቅ ትገዛላችሁ። ድምፁ የፀጉር ማድረቂያ ነው፤ ያለ ሄድፎን አይቻልም።

ሌሎች ጣጣዎችም አሉት። ትልልቆቹ የራሳቸው የግድግዳ ቻርጀር አላቸው፣ ስለዚህ ሌላ ሶኬት ትፈልጋላችሁ። ወፍራም ስለሆነ ኪቦርዱ ከፍ ይላል፤ የእጅ አንጓ ይደክማል። ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞርማ የማይታሰብ ነው። አየር በኪቦርዱ በኩል ለሚስቡ ላፕቶፖች ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። የናንተ ከየት እንደሚስብ ለማወቅ ፋኑ በሚጮህበት ሰዓት ጫፉን ከፍ አድርጋችሁ ስስ ሶፍት ሆዱ ላይ አስጠጉ። የሚጣበቅበት ቦታ መግቢያው ነው። ያንን ቦታ በማስመሪያ ለኩትና ከመግዛታችሁ በፊት ከስፖንጁ የውስጥ ስፋት ጋር አስተያዩት። ስፖንጁ መግቢያው ላይ ካረፈ ቀዳዳውን ራሳችሁ ደፈናችሁት ማለት ነው።

ፔስት የሚያሸንፍበት

የጓደኛዬ ላፕቶፕ ከኔ ተቃራኒ ነበር። ጌሙ በተከፈተ በአምስት ሰከንድ 100 ይገባል። አንዱ ኮር 100 ሲል አጠገቡ ያለው መሰሉ 84 ነው። የኔን ስፖንጅ ያለው ፓድ ሥሩ አስገባንለት። ንቅንቅ አላለም፤ 100 እንዳለ። ስንከፍተው ፔስቱ ከቺፑ መሀል ሸሽቶ ጠርዝ ላይ ተከምሯል። ቺፑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብረቱ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ ቀጭን ፔስት በዚህ እየተገፋ ይወጣል። ላፕቶፕ ላይ ይሄ በወራት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለላፕቶፕ ተራ ቀጭን ፔስት አልመክርም። ወፈር ያለ ፔስት ይሻላል። ከሱም የሚሻለው የሃኒዌል ፒቲኤም 7950 ነው። በክፍል ሙቀት እንደ ስስ ወረቀት ጠጣር ነው፤ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልስና በቺፑና በመዳቡ መካከል ይሞላል፤ እንደ ፔስት ሸሽቶ አይወጣም። በመጀመሪያው ቀን አትፍረዱበት፤ ጥቂት ጊዜ ሞቆ መቀዝቀዝ አለበት። አስመስሎ የተሠራም ስለሚሸጥ ሻጩን ምረጡ። ጓደኛዬ ከቀየረ ከሳምንት በኋላ የታየው ከፍተኛው 91 ነበር፤ `Core Thermal Throttling` ሙሉውን ምሽት `No` እንዳለ አመሸ።

ፈሳሽ ብረት ከሁሉም የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልሰጥም። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም ይበላል። አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ካመለጠች ላፕቶፑ አለቀለት። ፋብሪካው ራሱ ፈሳሽ ብረት ካደረገበት ቺፑ ላይ ያረፈውን መዳብ ባታነሱት ይሻላል። ዋስትና ያልጨረሰ ላፕቶፕም ከመክፈታችሁ በፊት የዋስትናውን ወረቀት አንብቡ።

ገንዘብ የማያስወጣው ተወዳዳሪ

ሁለቱንም ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ። ፕሮሰሰሩ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜጋኸርዞች ለማግኘት ቮልቴጅ መጨመር አለበት። የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ያድጋል። ለትንሽ ፍጥነት ብዙ ሙቀት ነው የሚከፈለው። ዊንዶውስ ይሄን ማጥፊያ ደብቆታል። ተርሚናሉን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ይሄን ጻፉ፦

```
powercfg -attributes SUB_PROCESSOR PERFBOOSTMODE -ATTRIB_HIDE
```

ከዚያ በ`Power Options` ውስጥ `Processor performance boost mode` ይመጣላችኋል፤ `Disabled` አድርጉት። የኔ ፕሮሰሰር ያለ ምንም ፓድ ከ94 ወደ 72 ወረደ፤ ፍሬሙ ከ102 ወደ 95። ሰባት ፍሬም አጣሁ፤ መንተባተቡ ግን ቀረ። ፕሮሰሰር የሚበሉ የስትራቴጂ ጌሞች ላይ ኪሳራው ከዚህ ይበልጣል።

ጂፒዩውን ለማቀዝቀዝ ደግሞ `NVIDIA Control Panel` ውስጥ `Max Frame Rate` አለ። 75 ላይ ሳስረው ጂፒዩው ያለ ፓድ 72 ላይ ተቀመጠ፤ ያ ትልቁ ፓድ በሙሉ ጩኸቱ ያመጣው ቁጥር ማለት ነው። ታሪክ ያላቸውን ጌሞች ብቻ የምትጫወቱ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ፣ ምንም አትግዙ። ተኩስ ላይ 140 ፍሬም የግድ የሚላችሁ ከሆነና ሙቀታችሁ ቀስ እያለ የሚወጣ ከሆነ ስፖንጅ ያለውን ውሰዱ። ደረሰኙን ግን አትጣሉ። በገዛችሁ ሳምንት በዚያው ጌም፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የክፍል ሙቀት 25 ደቂቃ ተጫውታችሁ መዝገቡን ከድሮው ጋር አስተያዩ። ጂፒዩው አምስት ዲግሪ እንኳ ካልወረደ መልሱት።