በመትከያ የሚሸጠው የሎሚ ዛፍ ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ ቅጠሉ ሲጠቀለል፣ ፍሬው ሲረግፍ

በ25 ሴንቲሜትር የፕላስቲክ መትከያ የሚመጣው ይህ ሎሚ ጠንካራ ዛፍ ነው፤ በደንብ ያብባል፣ ፍሬም ይይዛል። ድክመቱ አብረውት የሚመጡት አፈርና ሳህን ናቸው። ቅጠሉ እንዲጠቀለልና ፍሬው እንዲረግፍ የሚያደርጉት በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

አፈሩ ቀላልና ስፖንጅ መሰል ነው። አንዴ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም። ከላይ ሲያጠጡት ውሃው በመትከያው ግድግዳና በአፈሩ መካከል ሾልኮ ወዲያው ከታች ይወጣል። ሳህኑ ሞልቶ ሲታይ የጠገበ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ደርቋል። ቅጠሉም አረንጓዴ እንደሆነ ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፋል። ምልክቱ ክብደቱ ነው፦ ካጠጡት በኋላ መትከያውን አንስተው እንደ ቀድሞው ከቀለለ ውሃው አልገባም ማለት ነው። ያኔ መትከያውን ሁለት ሦስተኛው በውሃ በሚሸፈንበት ባልዲ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል፣ የአየር አረፋው እስኪቆም ያስቀምጡት፤ ከዚያ ውሃው በደንብ ይንጠፍጠፍ።

መትከያው ከባድ ሆኖ ቅጠሉ ከተጠቀለለና ቢጫ ከሆነ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሥሩ አየር አጥቷል። አውጥተው ሲያዩት የታመመው ሥር ቡናማና ልፍስፍስ ነው፣ ሲጎትቱት ቅርፊቱ ይላጣል። እሱን ቆርጠው በአዲስ አፈር ይትከሉት። ውሃ መጨመር እዚህ ላይ ይጎዳዋል፤ ማዳበሪያም ቢሆን ሥሩ እስኪያገግም ይቆይ።

አፈሩን መቀየር የግድ ነው ባይ ነኝ። ሁለት እጅ የበሰበሰ ኮምፖስት ያለበት አፈርና አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ይበቃል። አዲሱ መትከያ ከአሮጌው በ5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይስፋ፤ ከዚያ ከበለጠ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር እርጥብ ሆኖ ይቆያል። የግንዱን አንገት አይቅበሩት። ከዚያ በኋላ ጣት ሲገባ ከላይ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትሩ ሲደርቅ፣ ከታች እስኪወጣ ማጠጣት፤ ሳህኑን ደግሞ ከሩብ ሰዓት በኋላ መድፋት።

ፍሬን በተመለከተ፣ አተር የሚያክሉት ቢረግፉ አያስደነግጥም፤ ዛፉ ሊሸከመው የማይችለውን ራሱ ይጥላል። ትልልቆቹ አረንጓዴ ሳሉ ከወደቁ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንዴ ክው ብሎ መድረቁ፣ አንዴ መጥለቅለቁ ነው። ውሃው ሲስተካከል የቀሩት ይይዛሉ፤ የረገፈውን የሚመልስ ማዳበሪያ ግን የለም።

የተጠቀለለው አዲሱ ለጋ ቅጠል ብቻ ከሆነና በላዩ ብርማ ጠመዝማዛ መስመር ካለበት ጥፋቱ የውሃ አይደለም፤ ቅጠሉ ውስጥ እየቦረቦረ የሚበላ ትል ነው። እንዲህ ያለው ቅጠል ተመልሶ አይዘረጋም። ሆኖም አረንጓዴ የሆነው ክፍሉ አሁንም ዛፉን ይመግባልና አይቅጠፉት።