«ወለድ የለውም» የተባልኩት ሶፋ 12 ሺህ ብር አስከፈለኝ

ሶፋ ወይም ስልክ በየወሩ እየከፈላችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ውሉ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ የነቃሁት ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ቤት ቀይረን ሳሎናችን ባዶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የፈርኒቸር ሱቅ ገብተን ኤል ሼፕ ሶፋ ወደድን። ላዩ ላይ የተለጠፈው ዋጋ 72,000 ብር ነው። ሻጩ ገና ከመጠየቃችን «በየወሩም ይቻላል» አለን። ቅድሚያ 24,000፣ ከዚያ በየወሩ 6,000 ለስምንት ወር። ካልኩሌተሩን አውጥቶ 6,000 በ8 አባዝቶ 24,000 ደመረበትና አዙሮ አሳየኝ። 72,000። «ይኸው ወንድሜ፣ አንዲት ብር አልጨመርንም። ወለድ የለውም።» በዓይኔ ያየሁት ስሌት ስለሆነ አመንኩት። የደመወዝ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት አጻፍኩ፣ ባለቤቴ ወንድሟን ዋስ አድርጋ አመጣች፣ ተፈራረምን።

በሁለተኛው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እቤት መጥታ ሶፋውን ወደደችው። ሱቁን ነገርኳት። እሷ ሄዳ ገና ከበሩ «በካሽ ብከፍል መጨረሻው ስንት ነው?» አለቻቸው። ያንኑ ሶፋ፣ ቀለሙ ብቻ ተለይቶ፣ በ60,000 ብር ወሰደችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሶፋው ትክክለኛ ዋጋ የተለጠፈው አይደለም። ሱቁ ካሽ ለያዘ ሰው ተከራክሮ የሚለቅበት ዋጋ ነው። የተለጠፈው 72,000 ወለዱን ቀድሞ በሆዱ ይዟል። ስለዚህ ሻጩ አልጨመርንም ሲል ካልኩሌተሩ አይዋሽም። የዋሸው ወረቀቱ ነው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ብዙዎቻችን «60 ሺህ የነበረው 72 ሺህ ሆነ፣ 20 ከመቶ ነው፣ ምን አይደል» ብለን እናልፋለን። እኔም መጀመሪያ ራሴን ያጽናናሁት እንደዚያ ብዬ ነው። ግን 24,000ውን በዕለቱ ከኪሴ ከፍያለሁ፤ እሱን ማንም አላበደረኝም። የተበደርኩት ከ60,000 ላይ የጎደለውን 36,000 ብቻ ነው። 12,000ው የተጫነው በዚህ በ36,000 ላይ ነው። ይህ 20 ሳይሆን 33 ከመቶ ይሆናል።

በዚህም አያበቃም። 36,000ውን ስምንት ወር ሙሉ ይዤው አልቆየሁም። በየወሩ 6,000 እየመለስኩ ነው። አራተኛውን ክፍያ ስከፍል፣ ከወር ወር በእጄ የሚቀረው የሰው ገንዘብ በጣም ቀንሷል። ወለዱ ግን የተቆረጠው 36,000ው እስከ መጨረሻው እኔ ዘንድ እንደተቀመጠ ተደርጎ ነው። ባንክ እንደሚያደርገው በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ወለድ ቢታሰብ ስንት እንደሚመጣ ወር በወር ቁጭ ብዬ ሠራሁት። መጀመሪያ 36,000። ለአንድ ወር 7 ከመቶ ጨምሩበት፣ 38,520። ስድስት ሺህ ቀንሱ፣ 32,520። እሱም ላይ 7 ከመቶ ጨምሩ፣ 6,000 ቀንሱ። እንዲህ እስከ ስምንተኛው ወር ብትሄዱ ዕዳው ሊያልቅ 300 ብር ገደማ ይቀረዋል። ስለዚህ እውነተኛው ወለድ ከ7 ከመቶ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ በወር ነው ታዲያ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ ያደረገው በዓመት ነው። ቁጠባ ደብተሬ በዓመት የሚሰጠኝን ያህል ሱቁ በየወሩ ሲወስድብኝ ነበር ማለት ነው።

ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ። በካሽ 30,000 የሚሸጥ ስልክ በየወሩ ሲሆን 36,000 ነው እንበል። ጭማሪው ያው 20 ከመቶ ነው። ቅድሚያ 12,000፣ ከዚያ 6,000 ለአራት ወር። የተበደራችሁት 18,000 ነው፣ 6,000 ትጨምራላችሁ። በአራት ወር ውስጥ ስለምትመልሱት ወለዱ በወር ከ12 ከመቶ ያልፋል። «ቶሎ ያልቃል፣ ይቀላል» የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ጭማሪው ሳይቀንስ ወሩ ባጠረ ቁጥር ብድሩ ይወደዳል።

ይህን ሁሉ ወለድ ማስላት ካታከታችሁ፣ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ያንኑ ገንዘብ ብታስቀምጡት መቼ ይደርሳል ብላችሁ ጠይቁ። እኔ 24,000 በእጄ ነበረኝ፣ በወር 6,000 ማውጣትም እችል ነበር። በስድስት ወር 36,000 ይሆናል። ከ24,000ው ጋር 60,000 ሞላ። ከስድስት ወር በኋላ ሶፋውን በካሽ አነሳው ነበር። አሁን ግን ሰባተኛውንም ስምንተኛውንም ወር ከፈልኩ። ስድስት ወር ቀድሜ ለመቀመጥ የሁለት ወር ክፍያ፣ 12,000 ብር።

«እስከዚያ ዋጋው ቢጨምርስ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ ሻጩም የሚያስፈራራን በዚሁ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም አይተናል። እንደዚያ ባለ ጊዜ ስልክ ቀድሞ የገዛ ሰው ሊጠቀም ይችላል። መለኪያው ግን ግልጽ ነው። በእኔ ሒሳብ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሶፋው የካሽ ዋጋ ከ60,000 ወደ 72,000 ካልዘለለ መጠበቁ ያዋጣ ነበር። ባልደረባዬ ከገዛች ከአምስት ወር በኋላ ደውዬ ስጠይቅ 63,000 ነበር።

መጠበቅ ለማይችል ዕቁብ አለ። አስር ሰው በወር 6,000 ቢጥል ዕጣው 60,000 ነው። ልክ የሶፋው ዋጋ። ዕጣ ቀድሞ ቢወጣላችሁ፣ ወይም አንዱን ለምናችሁ ቅድሚያውን ቢለቅላችሁ፣ በካሽ ገዝታችሁ በአጠቃላይ የምትከፍሉት 60,000 ብቻ ነው። ለሱቁ ቅድሚያ የምትሰጡት 24,000ም የአራት ወር ዕቁባችሁን ይጥልላችኋል። ዕጣ በገንዘብ የምትገዙ ከሆነ ግን የከፈላችሁትን ደምሩበት፤ እሱም ወለድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአምስተኛው ክፍያ በኋላ ገንዘብ አግኝቼ የቀረውን በአንድ ጊዜ ልዝጋ ብዬ ሄድኩ። ቀሪው ሦስት ክፍያ 18,000 ነው። ቀድሜ ስለምከፍል ይቀንስልኛል ብዬ ነበር። ሻጩ ውሉን አወጣና ጣቱን አስቀምጦ አሳየኝ። ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ የለም ይላል። ለሚያዘገይ ግን ከወሩ ክፍያ 5 ከመቶ ቅጣት አለ። አንድ ጊዜ ደመወዝ አራት ቀን ዘግይቶብኝ 300 ብር ከፍያለሁ።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ስለ ወርሃዊ ክፍያ አፋችሁን ሳትከፍቱ የካሹን መጨረሻ ጠይቁ። በየወሩ እንደምትከፍሉ አንዴ ካወቁ የካሹን ዋጋ አይነግሯችሁም። ከተቻለ ሌላ ሰው ላኩ። ከዚያ ቅድሚያውን፣ ወርሃዊውን፣ የፎርምና የማመላለሻ የሚሉትን ሁሉ ደምሩና የካሹን ዋጋ ቀንሱበት። የቀረችው ቁጥር ናት የብድሩ ዋጋ። እሷን አይታችሁም እንግዛ ካላችሁ፣ ቀድሞ ለሚዘጋ ስንት እንደሚቀነስ ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገቡ። ሻጩ በቃል «እናያለን» ካላችሁ አትፈርሙ።