የእናቴ መፍጫ ለምን ይግል ነበር? በዕረፍቴ የተጠቀምኩባቸው ሁለት ጥገና ቤቶችና አንድ ወፍጮ ቤት

ከውጭ አገር ለአራት ሳምንት ዕረፍት እናቴ ጋ መጥቼ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ልጽፍበት የሚገባኝ ሆኖ ያገኘሁት የመፍጫ ጥገናውን ነው። መፍጫው ከሦስት ዓመት በፊት እኔው የላክሁላት፣ አምስት መቶ ግራም የሚይዝና ክዳኑ የሚቆለፍ የብረት ዕቃ ነው። እህልም ቅመምም ይፈጫል። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ከሙን ስታስፈጨው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሲጀምር ጥሩ ጮኸ፤ ወዲያው ድምፁ ወፍሮ ማቃሰት ያዘ። ደቂቃ ሳይሞላ ከስለቱ በታች ያለው አካሉ እጅ የማያስነካ ሆነ፣ ከዚያም በራሱ ጠፋ። እናቴ ሳትደነግጥ፣ «ግማሽ ሰዓት ቢያርፍ ይነሳል፤ ከወራት በፊት ጀምሮ እንዲህ ነው» አለችኝ።

በራሱ መጥፋቱ ብልሽት አልነበረም። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ወይም ሲከብደው ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ መከላከያ ውስጡ አለ፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል። በአንዳንዱ ማሽን ደግሞ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በእጅ መጫን ያስፈልጋል። ሥራውን በትክክል ሠርቷል ማለት ነው። ጥያቄው ሞተሩን ምን ከበደው የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ጥገና ቤት ይህን ጥያቄ አልጠየቀም። የተቀበለኝ ወጣት ሶኬቱን ሰካ፣ አስነሳው፣ አሸተተውና «ሞተሩ ተቃጥሏል፤ አዲስ ቢገዙ ይሻላል» አለኝ። አንድም ብሎን አልፈታም። ሽታው እውነት ነበር፤ ነገር ግን የጋለ መፍጫ ላይ የተጣበቀ የቅመም ቅባትም ሲያር ይሸታል። በማሽተት ብቻ ሞተር ተቃጥሏል ማለት አይቻልም። ትሕትናውን አመሰግናለሁ፤ ለዚህ ሥራ ግን ዳግም አልሄድበትም።

ሁለተኛው ቤት የአንድ አዛውንት ጠባብ ክፍል ነው። ገና ዕቃውን ሳይነኩ፣ «ልጄ፣ የሚዘገየው ባዶውንም ነው ወይስ ሲሞላ ብቻ?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ባዶውን አምስት ሰከንድ ያህል አስነስተው አዳመጡት። ባዶውን በሙሉ ፍጥነት ከዞረና ሲሞላ ብቻ ካቃሰተ፣ ጥፋቱ የሚበዛው ከሚገባው ነገር ነው፤ ወይ ተርፎ ተሞልቷል፣ ወይ እህሉ እርጥበት አለው፣ ወይ ቅባታም ሆኖ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ባዶውንም ከዘገየ ግን ጥፋቱ ከማሽኑ ወይም ከሚደርሰው ኤሌክትሪክ ነው። የእኛው ባዶውንም ዘገምተኛ ነበር። በእሳቸው ቤት ያሉት ሌሎች ማሽኖች በደንብ ስለሚሠሩ ኤሌክትሪኩ ከጥርጣሬ ወጣ።

ከዚያ ሶኬቱን ነቅለው ስለቱን በጣታቸው ገፉት። ደህና መፍጫ ሲገፉት ጥቂት ይዞራል፤ ይህኛው ጣታቸው ሲለቀው እዚያው ቆመ። «እጅሽን አምጪ» ብለው እኔንም አስገፉኝ። በብረቱ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስል ይንኮሻኮሻል። ዳዶውን በካቻቢቴ ደግፈው በቁልፍ ፈቱት። የአንዳንዱ መፍጫ ዳዶ በተለመደው ተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚፈታው፤ ይህን ሳያውቅ የሚታገል ሰው የዳዶውን ጥርስ ይጨርሰዋል። ስለቱ ሲነሳ ከሥሩ ዘንጉን የከበበ፣ ጥቁርና እንደ ሬንጅ የደረቀ ቀለበት ታየ። በጥፍሬ ስፍቀው ቅርንፉድ ሸተተኝ።

የነገሩ ምሥጢር እዚህ ነበር። እናቴ አንዱን ቅመም ፈጭታ ሌላውን ከማስገባቷ በፊት መፍጫውን በውኃ ታለቀልቅ ነበር። ንጽሕና ወዳድ ናት፤ ሽታ እንዳይቀላቀል ብላ ነው። ውኃው ደቃቁን ዱቄትና የቅመሙን ዘይት ይዞ በዘንጉ ዙሪያ ወደ ታች ሰረገ። ከላይ የቀረው ደርቆ ስለቱን ያሽ ጀመር፤ ወደ ታች የወረደው ደግሞ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን አጠበና በቦታው የዱቄት ጭቃ ተካ። ኩሽኔታው ሲጠብቅ ሞተሩ ይዘገያል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ ይግላል። በዚያ ላይ አየር የሚያስገቡት የሥር ቀዳዳዎች በዱቄት ስለታፈኑ ሙቀቱ መውጫ አጣ።

አዛውንቱ የሞተሩን ጥቅል ሽቦ በቴስተር ለኩት፤ ደህና ነበር። ኩሽኔታውን ቀየሩ፣ ቀዳዳዎቹን በብሩሽ ጠረጉ፣ ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን ካርቦኖችም አውጥተው አሳዩኝ። አንደኛው በጣም አጥሮ ስለነበር ሁለቱንም በአንድነት ቀየሯቸው። በማግስቱ ስመለስ አሮጌውን ኩሽኔታ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ይህን ሳልጠይቅ ማድረጋቸውን ከሁሉ በላይ ወደድኩት፤ ምን እንደተሠራ በጣት ዳስሶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

መፍጫው ባልነበረበት ቀን ስንዴና እርድ ይዘን ወፍጮ ቤት ሄደን ነበር። ሠራተኛዋ ስንዴውን አስቀድማ ፈጨች፤ ለእርዱ ደግሞ ሌላ ማሽን አላት። መለየቷ ትክክል ነው፤ ማሽኑ አንድ ቢሆን ደግሞ ነጩና ሽታ የሌለው ቀድሞ፣ ባለ ቀለሙና ቅባታሙ መጨረሻ ነው። ለእርዱ ማሽን የነበራት ጽዳት ግን በእጅ መታ መታ ማድረግ ብቻ ነበር፤ የእኛ እርድ የቁንዶ በርበሬ ጠረን ይዞ መጣ።

ቤት ውስጥ አሁን የምናጸዳው አዛውንቱ ባሳዩን መንገድ ነው። ሶኬቱ ይነቀላል፣ የቀረው ዱቄት በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በተለይ ከስለቱ ሥር። ከዚያ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጥሬ ሩዝ ገብቶ ሃያ ሰከንድ ያህል ይፈጫል። የሩዙ ዱቄት ቅባቱንና ሽታውን ይዞ ይወጣል፤ ይጣላል። ቀለም ይዞ ከወጣ ይደገማል። በመጨረሻ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይወለወልና ክዳኑ ተከፍቶ ይደርቃል። የክዳኑ ጎማ ግን በሩዝ አይነጻም፤ ሽታ የሚያቆየው እሱ ስለሆነ ተነቅሎ ለብቻው በሳሙናና በሞቀ ውኃ ይታጠባል። ይህ ሁሉ ለሽታና ለጣዕም ነው። ሰሊጥ ወይም ለውዝ ሰውነቱ የማይቀበለው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሩዝ አያስተማምንም፤ የተለየ መፍጫ ያስፈልጋል።

ለመሞከር ሁለት መቶ ግራም ከሙን፣ ማለትም ከግማሽ በታች አስገባን። አርባ ሰከንድ ፈጨን፣ አሳረፍን፣ እንደገና አርባ ሰከንድ። በየመሃሉ መዳፌን ከስለቱ በታች አሳርፍ ነበር፤ ሞቅ አለ እንጂ አላቃጠለም። ፍጹም አይሞቅም ብሎ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ እጅ ማሳረፍ እስኪያቅት ከጋለ ግን መቆም አለበት፤ ከሞተሩም ሌላ የጋለ ቅመም መዓዛው ይተናል። ከዚያ ሩዙን አስገባን። የመጀመሪያው ዙር ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ ሁለተኛው ግራጫ፣ ሦስተኛው ነጭ። እናቴ ነጩን በጣቷ አንስታ አሸተተችና ስንዴውን አምጪ አለችኝ።