ለእንግዳ የሚላክ የዋትሳፕ ናሙና መልእክት፦ ረጅሙ ወይስ አጭሩ?

የእንግዳ ማረፊያዎች በመድረሻው ዋዜማ ከሚልኳቸው ናሙናዎች ሁለቱን እናስተያይ።

አንደኛው፦ «ውድና የተከበሩ እንግዳችን፣ እርስዎን ለማስተናገድ በመታደላችን የተሰማን ደስታ ወሰን የለውም…» ብሎ ይቀጥላል። ሰዓቱና አድራሻው መጨረሻ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው፦ «ጤና ይስጥልኝ ___። ነገ በደስታ እንጠብቅዎታለን። ክፍልዎ ከቀኑ 8 ሰዓት (14:00) ጀምሮ ዝግጁ ነው። የካርታ ሊንኩ ይኸው፦ ___። ስንት ሰዓት ገደማ ይደርሳሉ?»

በተቆለፈ ስልክ ላይ የሚታየው የመልእክቱ መጀመሪያ ብቻ ነው፤ አንደኛው ያንን ቦታ በሙገሳ ይጨርሰዋል። እንግዳው ቦሌ ደርሶ «አድራሻችሁ የት ነው?» ብሎ ከደወለ መልእክቱ እስከ መጨረሻው አልተነበበም ማለት ነው። ሁለተኛው ሙቀቱን በስሙና በ«እንጠብቅዎታለን» ብቻ ያስተላልፋል፤ ይበቃል። ከዚህ በላይ ከተቆረጠ ግን ትእዛዝ ይመስላል፦ «ክፍል 8 ሰዓት ይከፈታል» ያለ ሰላምታ ያስከፋል።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ግድ ነው። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ «8 ሰዓት»ን ጠዋት አድርጎ ከተረዳው ስድስት ሰዓት ቀድሞ በር ላይ ይገኛል። ጥያቄውም አንድ ይሁን፤ ሁለት ሲሆን አንዱ ሳይመለስ ይቀራል።

ናሙናው በዋትሳፕ ቢዝነስ ፈጣን ምላሽ ውስጥ ተቀምጦ በ«/» ሲጠራ ስሙን ራሱ አይሞላም። ስለዚህ የቀድሞ እንግዳ ስም ያለበትን ሳይሆን ባዶ መስመር ያለበትን ያስቀምጡ። አቶ ይሁን ወይዘሮ ካልታወቀ ማዕረጉን ይተዉት፤ «እርስዎ» ለሁለቱም ይሆናል።

ረጅሙ የሚያምረው ለደንበኛ እንግዳ፣ ከሄደ በኋላ ለሚላክ ምስጋና ነው።