የፈሰሰ የባትሪ ድንጋይን በካቻቢቴ ለሚያስወጣ ባለሙያ ሪሞታችሁን አትስጡ

ውድ የደሴና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ባለፈው ወር በቤታችን የዲሽ ሪሞት ውስጥ አንድ የባትሪ ድንጋይ ፈስሶ ስለተጣበቀ፣ ሪሞቱን እዚሁ ከተማችን ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ሠራተኛው ካቻቢቴውን ከድንጋዩ ሥር አስገብቶ በኃይል ሲፈነቅለው ድንጋዩ ወጣ፤ ነገር ግን ሞላው ከነሥሩ ተነቅሎ አብሮት ወጣ። ከዚያም «ፈሳሹ ካርዱን በልቶታል፣ ይህ ከእንግዲህ አይሠራም» ብሎ የድካሙን 150 ብር ተቀበለኝ፤ «ለሁሉም ሪሲቨር ይሆናል» የተባለ ሌላ ሪሞትም በ400 ብር ሸጠልኝ። አዲሱ ሪሞት ከእኛ ሪሲቨር ጋር አልተግባባም፤ ልመልስ ስል ደግሞ «የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም» ተባልኩ።

ካርዱ ተበልቷል መባሉ እውነት እንዳልነበረ ያወቅሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሞላው በነበረበት ቦታ ቀጭን ሽቦ አስነክቼ፣ አዲስ ድንጋይ አስገብቼ፣ የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልኬ የፊት ካሜራ አዙሬ አንድ ቁልፍ ስጫን፣ በዓይን የማይታየው መብራት በስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ብልጭ አለ። ካርዱ ሙሉ በሙሉ ቢሞት ኖሮ ይህ ብርሃን ባልታየ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው «ሞቷል» ሲላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ፍተሻ እዚያው ፊት ለፊታችሁ እንዲያደርግ ጠይቁት። የኋላ ካሜራ ብዙ ጊዜ ይህን ብርሃን ስለሚያጣራው የፊቱን መጠቀም ይሻላል።

ለመሆኑ ድንጋዩ ለምን ይጣበቃል? አልካላይን ድንጋይ አልቆ እያለ ውስጥ ሲቆይ፣ ወይም አሮጌና አዲስ ተቀላቅሎ ሲገባ፣ በውስጡ ጋዝ ይጠራቀምና በሞላው በኩል ያለውን ማሸጊያ ገፍቶ ይከፍተዋል። የሚወጣው ፈሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ አየር ሲነካው ወደ ነጭ ቅርፊት ይለወጥና ድንጋዩን ከሞላው ጋር እንደ ሲሚንቶ ያያይዘዋል። ስለዚህ ችግሩ ያለው ከሞላው በኩል ነው፤ ቅርፊቱ ሳይሟሟ ድንጋዩን የሚጎትት ሰው የሚጎትተው ሞላውን ጭምር ነው።

ይህን የተረዳሁት የልጄ አሻንጉሊት መኪና ተመሳሳይ ነገር ሲገጥማት ነው። ጓንት አድርጌ፣ ፊቴን ራቅ አድርጌ፣ ፈሳሹ ወደ ካርዱ እንዳይወርድ ሞላው ያለበትን ጫፍ ወደ ታች አዘነበልኩት። የጆሮ ጥጥ በአቼቶ ነክሬ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ቅርፊቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ወዲያው አረፋ እየሠራ ይፈላ ጀመር፤ ይህም አሲዱ አልካሊውን እያከሸፈው መሆኑን ያሳያል። አሥር ደቂቃ ጠብቄ፣ የላላውን ጠርጌ፣ እንደገና አረጠብኩት። በሦስተኛው ዙር አረፋው ሲቀር ድንጋዩን ሳልፈነቅል በጣቶቼ እንደ ጠርሙስ ክዳን ወዲህና ወዲያ አዞርኩት፤ ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ ሰማሁና ዞረ። ከዚያ በኋላ የሞላውን ተቃራኒ ጫፍ በእንጨት ስንጥር ቀና ሳደርገው ያለ ትግል ወጣ። ሞላውን በአልኮል ጠርጌ፣ አድርቄ፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ነጭና አረንጓዴ የሆነውን እስኪያበራ ድረስ አሸሁት። አቼቶ በራሱ ብረት ስለሚበላ ሳይጠረግ መተው የለበትም።

ይህ ዘዴ ለአልካላይን ድንጋይ ብቻ ነው። ድንጋዩ ላይ «ኤል አር 6» ወይም «ኤል አር 03» ከተጻፈ አልካላይን ነው፤ «ኤል» የሌለው «አር 6» ግን ፈሳሹ አሲድነት ስላለው አቼቶ አያስፈልገውም፤ በእርጥብ ጥጥ ብቻ ማለስለስ ይበቃል። ሁለቱንም ዓይነት ማሞቅ፣ መብሳትና በፒንሳ መጭመቅ አደገኛ ነው፤ ነጩ ነገር ቆዳ ከነካ በብዙ ውኃ ይታጠባል፣ ዓይን ከገባ ደግሞ አቼቶ ሳይሆን በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ታጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ሁሉም ሪሞት ይድናል አልልም። ሞላው ጠቁሮ ሲነካ የሚፈረፍር ከሆነ መቀየር አለበት፤ አረንጓዴው ዝገት እስከ ካርዱ ቀጫጭን መስመሮች ከዘለቀ ደግሞ መጠገኑ አያዋጣም። የእኔ ሪሞት ግን ከዚህ አንዱም አልነበረበትም። ከተሰበረ የእጅ ባትሪ ያወጣሁትን ሞላ አንድ ሌላ ባለሙያ በካውያ በ30 ብር በየደልኝ፤ ዛሬም በእሱ ቻናል እንቀይራለን፤ በ400 ብር የገዛሁት ከነካርቶኑ ተቀምጧል።