ሁለቱም ይጻፉ ወይስ አንዱ ጽፎ ሌላው ይረም?

ባሕር ዳር ላይ በትርፍ ሰዓታችን ያረጀ የግብር መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። መጀመሪያ አንዱ ይጽፍ፣ ሌላው ያርም ነበር። ፈጣን ነው። ግን አራሚው የተጻፈውን አንዴ ካየ ዓይኑ ያንኑ ያነባል። ፮ የነበረው ፯ ተብሎ ሲጻፍ ማንም ልብ አላለውም።

አሁን ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ያንኑ ገጽ ይጽፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ያወጣል። ድካሙ እጥፍ ነው። ግን ፮ እና ፯ ወዲያው ይጋጫሉ፤ ሦስተኛ ሰው የገጹን ፎቶ አይቶ ይፈርዳል። መጀመሪያ «ሥራ» እና «ስራ» ብቻ ዝርዝሩን ሞልተውት ነበር፣ ጉድ ነው! ልክ ገጹ ላይ እንዳለው ይጻፍ ብለን ስንስማማ ቀለለ። ቀለም በፈሰሰበት ገጽ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት ከሠሩ ግን ኮምፒውተሩ ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ገጽ አሁንም በዓይን እናየዋለን።